አልድን ያለ የአፍ ቁስል፦ መጠበቅ፣ መድኃኒት መቀባት ወይስ ናሙና ማስወሰድ?

አፋቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የታየኝ ሐምራዊ ቀለም ነው። ምላሳቸው፣ ጥርሳቸው፣ የከንፈራቸው ጥግ ሳይቀር በጄንሺያን ቫዮሌት ተቀብቷል።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ትንሽ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ነው የጀመረኝ።»

ቀኑ የካቲት አጋማሽ ነበር። አምስት ሳምንት አልፏል ማለት ነው። ሰውየው 54 ዓመታቸው ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። በነዚህ አምስት ሳምንታት ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ውጠዋል፣ በጨው ውሃ ተጉመጥምጠዋል፣ ሐምራዊውን ቀለም ቀብተዋል። ቁስሉን በጣቱ የነካ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

የጥርስ ሐኪም ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ከፊታችን ያሉት መንገዶች አምስት ናቸው፦ መንስኤውን አስወግዶ መጠበቅ፣ መድኃኒት መስጠት፣ በብሩሽ ወይም በቀለም መመርመር፣ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ ናሙና መላክ፣ ወይም ቁስሉን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት። አምስቱም ቦታ አላቸው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚመርጠው በፍርሃቱና በኪሱ መሆኑ ነው። ቁስሉ ራሱ የሚለውን የሚያዳምጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁስሉን የምንለካበትን እንነጋገር።

ቁስሉን በምን እንለካው?

*ዕድሜው።* ተራው የአፍ ቁስል፣ ያ ከንፈር ወይም ጉንጭ ውስጥ ወጥቶ በርበሬ ሲነካው የሚያስለቅሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይድናል። ጥርስ የቧጨረው ቁስልም ጥርሱ ከተስተካከለ በሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል። የአፍ ውስጥ ቆዳ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነው። እንግዲህ በራሳቸው የሚድኑት ድነው ካለቁ በኋላ የሚቀረው ቁስል አንድ የያዘው ነገር አለ። ሦስት ሳምንት የሚባለው ወሰን ከዚህ ነው የመጣው። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ የአፍ ቁስል ከሦስት ሳምንት ካለፈ ለካንሰር ጥርጣሬ ወደሚመረመርበት ክፍል በአስቸኳይ ይላካል። ካንሰር ነው ማለት ግን አይደለም። ከሚላኩት ብዙዎቹ ሌላ ነገር ሆነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ሰዓቱን እንደገና ማስጀመር ነው። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ይሄንን አስር ቀን ሞክረው» ይባላል። ካልሠራ ሌላ አስር ቀን። ሦስት ፋርማሲ ዞሮ የመጣ ሰው ሁልጊዜ «ገና መጀመሬ ነው» ይላል። ቁጥሩ መቆጠር ያለበት ቁስሉ ከታየበት ቀን ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረበት አይደለም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የሚመላለስ ቁስል ነው። «ሁለት ዓመት ሆነኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ሲጠየቅ ግን አንዴ ከንፈሩ፣ አንዴ ጉንጩ፣ አንዴ ምላሱ ጫፍ ላይ እየወጣ በመሃል ይድናል። ይሄ አልድን ያለ ቁስል አይደለም። ለዚህ ሰው ከቢላ በፊት የደም ምርመራ ይቀድማል። አይረን፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ቢ12 ይታያሉ። አልድን ያለ የምንለው አንድ ቦታ ተቀምጦ ንቅንቅ ያላለውን ነው።

*ቦታው።* የምላስ ጎንና ከምላስ በታች ያለው ወለል በጣም የምንጠነቀቅባቸው ቦታዎች ናቸው። የአፍ ካንሰር ከሚወዳቸው ቦታዎች ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። በመስታወት ፊት ምላስን አውጥቶ ማየት ብቻ አይበቃም። የምላሱን ጫፍ በጨርቅ ይዞ ወደ ጎን መሳብ፣ ከዚያ ምላስን ወደ ላንቃ አንስቶ ከስር ማየት ያስፈልጋል።

*ሲነካ የሚሰጠው ስሜት።* ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ይሄ ነው። እጅዎን ታጥበው የጆሮዎን ለንባጭ ይንኩ፤ ለስላሳ ነው። አሁን ከፍ ብለው የጆሮዎን ጠንካራ ክፍል ይንኩ። የቁስሉ ዳርና ስሩ እንደ ለንባጩ ከሆነ ደግ ነው። እንደ ጠንካራው ክፍል ከሆነ፣ ቆዳው ውስጥ ቁራጭ ፕላስቲክ የተቀበረ ከመሰለ፣ ሦስት ሳምንት እስኪሞላ አይጠበቅም። ሕመምን ግን መለኪያ አያድርጉት። ተራው ቁስል በጣም ያማል። የሚያሰጋው ግን መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል። «አያመኝም እኮ» የሚለው ቃል እኔን አያረጋጋኝም።

*መንስኤው።* የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ሹል ጠርዝ፣ ሳያውቁ የመንከስ ልማድ አለ ወይ? መንስኤ ቢገኝም ቁስሉ በልኩ መገጠም አለበት። ሹሉ ጥርስ ቁስሉን የማይደርስበት ከሆነ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

*ሰውየው።* ሲጋራና አልኮል የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ይበዛል። አፍ ውስጥ የሚቀመጥ ትምባሆም እንዲሁ ነው። የመንና ደቡብ ሳዑዲ አካባቢ ያሉ ወገኖች ሻማ የሚሉትን ያውቁታል፣ ሱዳን ደግሞ ቶምባክ አለ። የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው፣ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው፣ ይሄንን ሳይጠየቅ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱ ራሱ አፍ ሊያቆስል ይችላል። አጭሶ ጠጥቶ የማያውቅ ሰውም ግን ነጻ አይደለም።

ሾፌሩን በዚህ ለካኋቸው። አምስት ሳምንት። የምላስ ግራ ጎን። በሚሊሜትር ምልክት ያለበት ዘንግ ሳስጠጋ 12 ሚሊሜትር። ዳሩ ጠንከር ያለ፣ ግን እርግጠኛ የማያደርግ። ፊት ለፊቱ የተሰበረ የታች መንጋጋ ጥርስ፣ ልክ ቁስሉ ላይ የሚያርፍ። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ። በቀኝም በግራም የሚጎትት ነገር አለ።

አንደኛው መንገድ፦ መንስኤውን አስወግዶ 14 ቀን መጠበቅ

ሹል ጥርስ ይሞረዳል ወይም ይነቀላል፣ ሰው ሠራሹ ጥርስ ይስተካከላል ወይም ለጊዜው ይወልቃል። ከዚያ የቀጠሮ ቀን ተጽፎ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ አይጎዳም፣ በመንስኤ የመጣውን ቁስል በራሱ ያድነዋል። ብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሰው አይመለስም። ሹሉ ጥርስ ስለሄደ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ስለቀነሰ ዳንኩ ይላል። ስለዚህ ለታካሚዎቼ ስልካቸውን አስወጥቼ በመብራቱ ፎቶ አነሳላቸዋለሁ። ከቁስሉ አጠገብ በወረቀት ላይ የተሰመረ የአንድ ሳንቲሜትር መስመር አደርጋለሁ። በሳምንቱ ቤታቸው በተመሳሳይ መንገድ ያነሳሉ። ለዓይን «የቀነሰ ይመስለኛል» የሚለው ነገር በፎቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ይህ መንገድ የሚሆነው መንስኤው በግልጽ ከታየ፣ ቁስሉ ለስላሳ ከሆነና ሰውየው እንደሚመለስ ከታወቀ ነው። 14 ቀን ሞልቶ ካልዳነ ወይም በግልጽ ካልቀነሰ ሌላ 14 ቀን አይጨመርም።

ለሾፌሩ ይሄንን ሰጠኋቸው። ጥርሱን ሞረድኩ። ሐምራዊውን ቀለምም አስቆምኩ፤ የቁስሉን ትክክለኛ ቀለም ስለሚሸፍን እኔም ሆንኩ ሌላው ሐኪም ቀይና ነጭ ዳሩን ማየት አንችልም። በቀጠሯቸው ቀን መጡ። 12 ሚሊሜትሩ 12 ነበር።

ሁለተኛው፦ መድኃኒት

አንቲባዮቲክ ይሄን ቁስል አያድንም። አብዛኛው የአፍ ቁስል በባክቴሪያ የመጣ አይደለም። የስቴሮይድ ቅባት ግን ተራውን ቁስል ሕመሙን ያስታግሳል፣ ያፈጥነዋልም። ምርመራው ለታወቀ ቁስል ጥሩ ነገር ነው። ላልታወቀ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። እብጠቱንና መቅላቱን ለጥቂት ቀን ይቀንስና ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ ስሩ ግን እዚያው ነው። ቲቢ ወይም የፈንገስ ቁስል ከሆነ ደግሞ ያባብሰዋል።

መድኃኒት ሕክምና ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። «በመድኃኒቱ ካልዳነ ያኔ እናያለን» የሚለው አካሄድ ሦስት ሳምንት ላልሞላው ለስላሳ ቁስል ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ይበላል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ሦስተኛው፦ ብሩሽና ቀለም

አንዳንድ ክሊኒኮች ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ያያሉ፣ ወይም ልዩ መብራት ያበራሉ። ጠንከር ባለች ትንሽ ብሩሽ ቁስሉን ፈትጎ ሴሎቹን ወደ ላቦራቶሪ መላክም አለ። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም፤ ስለዚህ ይወደዳል። እኔ ግን ብዙም አልወደውም። ቁስልና እብጠት ያለበት ቦታ ሁሉ ቀለሙን ሊይዝ ይችላል፤ ካንሰር ሳይሆን ያስደነግጣል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 ባወጣው መመሪያ ቀለሙንና መብራቱን አይመክርም። የብሩሹን ምርመራ የፈቀደው ናሙና መቆረጥ እምቢ ላለ ወይም ወደ ስፔሻሊስት መሄድ ላልቻለ ሰው ብቻ ነው። እሱም አጠራጣሪ ውጤት ካመጣ መጨረሻው ቢላ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ መክፈል ይሻላል።

አራተኛው፦ ከቁስሉ ከፊል ናሙና መውሰድ

ባዮፕሲ ሲባል ሰው ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ሙሉ ማደንዘዣ፣ አልጋ ይታየዋል። ነገሩ ጥርስ ከመንቀል አይከብድም። ባመዛኙ በጥርስ ወንበር ላይ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

መጀመሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። መርፌው ቁስሉ ውስጥ አይገባም፣ ራቅ ብሎ ዙሪያውን ነው። ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ ፈሳሹ ሥጋውን ያነፋውና ናሙናው ይበላሻል። ከዚያ ምላስ በጎዝ ይያዛል። በቢላ እንደ ሐብሐብ ክፋይ ያለ ቁራጭ ይወሰዳል፣ ወይም ጫፉ ክብ በሆነ መቁረጫ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይወጣል። አንድ ሁለት ስፌት፣ ለ20 ደቂቃ የተነከሰ ጎዝ፣ አለቀ።

ዋናው ጥበብ ከየት እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው። የቁስሉ መሃል የሞተ ሥጋና ፈሳሽ ነው። ከዚያ ቢወሰድ ላቦራቶሪው የሚያየው «ቁስል ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ አስቀድመን እናውቃለን። መወሰድ ያለበት ከዳሩ ነው፣ ከሁሉም ጠንካራ ከሆነው ቦታ፣ ትንሽ ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ። ደግሞም ጠለቅ ማለት አለበት። ልጣጭ ብቻ ከተወሰደ ሴሎቹ ወደ ታች መስረጋቸውን ማየት አይቻልም።

ይሄን በደንብ የማውቀው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። የሾፌሩን የመጀመሪያ ናሙና የወሰድኩት እኔ ነኝ። ምላሳቸው ከእጄ እያመለጠ፣ እሳቸውም ማቅለሽለሽ እየመጣባቸው፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ልጣጭ አነሳሁ። ከአስር ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፦ «የቆሰለና ያበጠ ሥጋ፤ ካንሰር አልታየም።» ሰውየው እግዜር ይመስገን ብለው ተነሱ። እኔም ደስ ሊለኝ ነበር። ግን አፋቸውን ሳስከፍት ቁስሉ እንዳለ ነው። ፓቶሎጂስቷ ጋ ደወልኩ። «የላክኸው ላይ ጤነኛ ዳር የለውም፣ ታቹም አይታይም። ድጋሚ ላክልኝ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ከዳሩ፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ጠልቄ ወሰድኩ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሆነ፤ ተደጋግሞ የሚታየው የአፍ ካንሰር።

እዚህ ላይ የሚያዝ ነገር አለ። ናሙናው «ካንሰር የለም» ካለና ቁስሉ ከዳነ፣ ጉዳዩ አልቋል። እንዲያውም መቁረጡ ራሱ እንዲድን የሚያደርገው የቁስል ዓይነት አለ። ናሙናው «የለም» ብሎ ቁስሉ ግን ካልዳነ፣ የሚታመነው ቁስሉ ነው። ይደገማል።

ስለ ፍርሃቱም ልበል። «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን በሳምንት አንዴ አልሰማውም ብል ውሸት ነው። የመጣበት ይገባኛል። ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ በወራት ውስጥ ያርፋል፤ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ቢላውን ነው። በሽታው ግን ቀድሞ ሄዶ ነበር። ከአፍ ቁስል በአግባቡ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን እንደሚያሰራጨው የሚያሳይ ነገር የለም። ሕክምናውም ያለ ናሙና አይጀመርም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁም። አስፕሪን ለዚህ ተብሎ አይቆምም። ዋርፋሪን ከሆነ የደሙ መቅጠን መጠን ተለክቶ ይሠራል። መናገር ብቻ ነው የሚጠበቀው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። አፍ ውስጥ ብዙ ቦታ የተላጠ፣ ውሃ እየቋጠረ የሚፈነዳ ቁስል ከሆነ አንድ ናሙና አይበቃም። ሰውነት የራሱን ቆዳ የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሁለተኛ ናሙና ከቁስሉ አጠገብ ካለው ደህና ቆዳ ይወሰዳል፤ እሱ ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ለዚያ ምርመራ አያገለግልም። ሐኪሙ አስቀድሞ ከላቦራቶሪው ጋር መነጋገር አለበት።

አምስተኛው፦ ሙሉውን ቆርጦ ማውጣት

ለትንሽና ጉዳት የሌለው ለሚመስል ነገር፣ ለምሳሌ በመነከስ ብዛት ለበቀለች እባጭ፣ ጥሩ ነው። ምርመራውም ሕክምናውም በአንድ ቀን ያልቃል። ለሚያጠራጥር ቁስል ግን አይሆንም። «ትንሽ ስለሆነ ጠቅላላ ላውጣው» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ቆም ይበሉ። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ የቀዶ ሕክምናው ባለሙያ ዙሪያውን ከጤነኛ ሥጋ ጋር ሰፋ አድርጎ መቁረጥ አለበት። ቁስሉ የት እንደነበር ካልታየ ከየት ይጀምራል? ከፊሉን ወስዶ ቀሪውን ለእሱ መተው ነው ደንቡ።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | እርግጠኛ መልስ ይሰጣል? | የሚስትበት ሁኔታ | ጊዜና ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| መንስኤ አስወግዶ 14 ቀን መጠበቅ | ከዳነ አዎ | ሰው ሳይመለስ ሲቀር | ዝቅተኛ | መንስኤው ለታየ ለስላሳ ቁስል |
| መድኃኒት | አይሰጥም | ምልክቱን ሲሸፍን | ዝቅተኛ፣ ሲደጋገም ግን ይበዛል | ምንነቱ ለታወቀ ቁስል |
| ብሩሽ፣ ቀለም፣ መብራት | አይሰጥም | ቁስልን ሁሉ አጠራጣሪ ሲያደርግ | መካከለኛ፣ ናሙናው ላይ ተጨማሪ | ብሩሹ ብቻ፣ መቆረጥ እምቢ ላለ |
| ከፊል ናሙና | አዎ | ከመሃል ወይም ከላይ ብቻ ሲወሰድ | መካከለኛ፤ ውጤቱ ቀናት እስከ ሳምንታት | ሦስት ሳምንት ላለፈው ወይም ጠንካራ ለሆነው |
| ሙሉውን መቁረጥ | አዎ | ካንሰር ሲሆን ቦታውን ያጠፋል | መካከለኛ | ጉዳት የሌለው ለሚመስል ትንሽ እባጭ |

እንደ ሁኔታዎ

ቁስሉ ሁለት ሳምንት ያልሞላው፣ ለስላሳና የሚያም ከሆነ ገንዘብዎን አያባክኑ። ሹል ጥርስ ካለ ያስሞርዱ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ቀኑን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ሦስት ሳምንት ካለፈውና በጀትዎ ጠባብ ከሆነ የሚቆጠበው ናሙናው ላይ አይደለም። የሚቆጠበው ከዚያ በፊት በሚገዙት ሦስተኛና አራተኛ መድኃኒት ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ሪፈር ይጻፍልዎ፤ ዘልለው ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ነው። በግል ክሊኒክ ከሆነ ዋጋ ሲጠይቁ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ የመቁረጡ ስንት ነው? የፓቶሎጂው ስንት ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ከፍሎ ለሁለተኛው ገንዘብ አጥቶ ናሙናውን ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ከቡና ረከቦት ስር አቆይታ ያመጣችልኝን ብልቃጥ አልረሳውም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የአፍ ናሙና ብዙ ጊዜ በጥርስ ኢንሹራንስ ሳይሆን በሕክምናው ኢንሹራንስ እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንግሊዝ ያላችሁ ለጥርስ ሐኪማችሁ ወይም ለጂፒያችሁ ቁስሉ የጀመረበትን ቀን በቁጥር ንገሩ። «ቆይቷል» ከሚለው ቃል «28 ቀን ሆኖታል» የሚለው በር ይከፍታል።

ሳምንት መቁጠር የማያስፈልግበትም አለ። አንገት ላይ የማያም ጠንካራ ንፍፊት ካበጠ፣ የታች ከንፈር ወይም አገጭ ከደነዘዘ፣ ጥርስ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ ምላስ እንደ ልብ አልንቀሳቀስ ካለ፣ መዋጥ ከከበደ በዚያው ሳምንት ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ። የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ማለት ነው። ያበጠውን ንፍፊት በቀጭን መርፌ ስበው ያዩታል። እሱ ግን የአፉን ናሙና አይተካም።

ብልቃጡን ሲቀበሉ

እኛ አገር ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ታካሚው ራሱ ነው። ስለዚህ ብልቃጡን አይተው ይቀበሉ። ስምዎና ዕድሜዎ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል? ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ክዳን ይቀያየራል። ቁራጩ ፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቋል? ፎርማሊኑ ከቁራጩ ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በውሃ ወይም በአልኮል አይተካም። ወረቀቱ ላይ «የአፍ ቁስል» ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙን ያስጨምሩ፦ የት ጎን፣ ስንት ሳምንት፣ ስንት ሚሊሜትር፣ ምን ተቀብቶበት ነበር፣ ያጨሳሉ ወይ። ፓቶሎጂስቱ እርስዎን አያይም፤ የሚያየው ቁራጩንና ያንን ወረቀት ነው።

ቤት ሲገቡ ያን ቀን ጠንከር ብሎ መጉመጥመጥ የለም። ትኩስ ቡናና ሚጥሚጣ ይቆዩ። ለብ ያለ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ ይበቃል። ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ ይቻላል። ትንሽ ደም ከታየ ንጹህ ጎዝ አጥፎ 20 ደቂቃ መጫን ነው፤ በየደቂቃው እያነሱ ማየት ነው የሚያደማው።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ቃላት ያጋጥሙዎታል። «ዲስፕሌዥያ» ካለ ካንሰር አይደለም፣ ሴሎቹ ግን መንገድ መሳት ጀምረዋል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ተብሎ ይለያል፣ ክትትሉም እንደዚያው ነው። «ግራኑሎማ» ካለ የቲቢ ምርመራ ይከተላል፤ የደረት ራጅና አክታ ይጠየቃሉ። «የተለየ ነገር ያልታየበት ቁስል» ካለ ደግሞ የሾፌሩን ነገር ያስታውሱ።

የሾፌሩ ቁስል ሲገኝ ሁለት ሳንቲሜትር አልሞላም ነበር፣ አንገታቸው ላይም የሚነካ ንፍፊት አልነበረም። ምላሳቸው ከጎን ተቆርጦ ተሰፋ። አሁን «ሰ» ሲሉ ትንሽ ያፏጫሉ። ሲጋራውን ትተዋል፣ በየሦስት ወሩ ለክትትል ይመጣሉ።

ውጤትዎን ዋናውን ይያዙ፣ ኮፒም ያንሱ። ላቦራቶሪው ናሙናዎን በሰም ውስጥ ቀብሮ ያስቀምጠዋል፤ ብሎክ ይሉታል። ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱ ወይም ሁለተኛ አስተያየት ሲፈልጉ እንደገና ከመቆረጥ በፊት ብሎኩንና ከእሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየባቸውን መስታወቶች ይጠይቁ። የናሙና ቁጥሩ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አለ፤ ያለ እሱ አያገኙትም።